ዘግይቶም ተሰብሮም የመጣ ሴራሚክ፦ ለአቅራቢው ምን ተብሎ ይጻፋል?

ጥያቄ

«ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ትንሽ ፔንሲዮን እየሠራሁ ነው። ለወለሉ አዲስ አበባ ካለ አቅራቢ 60 በ60 የሆነ 120 ካርቶን ሴራሚክ አዘዝኩ። ካርቶኑ 2,000 ብር ነው፤ በጠቅላላ 240,000። ማጓጓዣው በዋጋው ውስጥ ነው። 168,000ውን በባንክ ቀድሜ ከፈልኩ፤ 72,000ውን ዕቃው ሲደርስ ልከፍል ተስማማን። ጥር 6 ይደርሳል የተባለው ጥር 23 ማታ መጣ። ሹፌሩ ስለቸኮለ ወረቀቱ ላይ ፈርሜ አወረድኩ። በነጋታው ስንከፍተው 34 ካርቶን ውስጥ የተሰበረ አለ፤ ስንቆጥረው 76 ሆነ። አቅራቢው ‹ሹፌሩን ጠይቂ› ይለኛል፤ ሹፌሩ ‹ካርቶኑ ሲጫንም ደህና አልነበረም› ይላል። ሁለት ሴራሚክ ሠራተኞች ለ5 ቀን በቀን 1,200 ብር እየከፈልኩ ያለ ሥራ አስቀምጫለሁ። ለጥር መጨረሻ የተቀበልኳቸው እንግዶችም ቀሩ። ሙሉውን መልሼ ገንዘቤን ልጠይቅ? ቀሪውን 72,000 አልከፍልም ብልስ? ጠንከር ያለ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?»

— ከሳቢያን

መልስ

እህቴ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ከማንሳትሽ በፊት ሠራተኞቹን አንድም ሴራሚክ እንዳያነጥፉ ከልክያቸው። ደህና የሆነውም ቢሆን ይቆይ። አንዴ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ በኋላ «ስንጥቅ ነበረበት» ብትይ «ስታነጥፉት ነው የሰነጠቃችሁት» ትባያለሽ። መልስ የለሽም።

ቀጥሎ ቆጠራውን አጥሪ። 76ቱ በዓይን የታዩት ናቸው። የቀሩትን አንድ በአንድ አንሺና በጣት አንጓ መታ መታ አድርጊ። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያለበት ግን የታፈነ፣ የደነዘዘ ድምፅ አለው። ዓይንሽ ያላየውን ጆሮሽ ይሰማዋል። ጥሩ ሴራሚክ አንጣፊ ይህን ስለሚያውቅ አንዱን ሠራተኛሽን አብረሽ አስቀምጪ። ቀን ከፍለሽው የለ፣ ይሥራ እንጂ።

ስትፈትሺ የተሰበረው የት ቦታ እንደሆነም መዝግቢ። ሴራሚክ በካርቶኑ ውስጥ በጠርዙ ቆሞ ነው መጓዝ ያለበት። መኪናው ላይ ካርቶኑን በጀርባው አስተኝተው ከደራረቡት ከታች ያለው መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል። ካርቶኑ ውጪው ተጨፍልቆ፣ ውስጡ ማዕዘኑ የረገፈ ከሆነ ደግሞ ተወርውሯል ወይም ሳይታሰር እየተንሸራተተ ተጋጭቷል። ከደንገጎ ቁልቁል ሲወረድ ያልታሰረ ጭነት ምን እንደሚሆን የድሬ ሰው ታውቂዋለሽ። ካርቶኑ ምንም ሳይሆን ውስጡ ብቻ ተሰብሮ ካገኘሽ ምናልባት ከመጋዘን ሲወጣም እንደዚያው ነበር። ይህን የምልሽ ጥፋተኛውን አንቺ እንድትፈርጂ አይደለም። ፎቶው ላይ ካርቶኑም ሴራሚኩም አብረው እንዲታዩ ነው። ብቻውን መሬት ላይ የተነሳ ስባሪ የማንም ቤት ስባሪ ሊሆን ይችላል። የካርቶኑ ጽሑፍ አብሮ ከታየ ግን የዚያ ጭነት መሆኑ አያጠራጥርም።

ካርቶኑ ጎን ላይ የታተመ የሼድ ቁጥር አለ። እሱን በልዩ ሁኔታ ጻፊው። አንድ ዓይነት ሞዴል፣ አንድ ዓይነት መጠን ሆኖም በተለያየ ጊዜ የተመረተ ሴራሚክ ቀለሙ ትንሽ ይለያል። መጋዘን ውስጥ አይታወቅም። ወለል ላይ ጎን ለጎን ሲነጠፍ፣ በተለይ የድሬ ፀሐይ በመስኮት ሲገባበት፣ ልክ እንደ ተጣፈ ልብስ ያስታውቃል። ስለዚህ «የተሰበረውን ቀይርልኝ» ብቻ ብለሽ ከጻፍሽ የሌላ ሼድ ሊልክልሽ ይችላል፤ «ይኸው ቀየርኩልሽ» ብሎም ይከራከርሻል። ስባሪውን እንዳትጥዪ። አንድ ጥግ ላይ ሰብስቢው። ሰው ልኮ ማየት ከፈለገ ይየው።

አሁን ወደ ክርክሩ። አቅራቢው «ሹፌሩን ጠይቂ» ማለቱ አያስኬደውም። ዋጋው ድሬዳዋ ድረስ ማድረስን የሚጨምር ከሆነ መኪናውን የቀጠረው እሱ ነው። ሹፌሩ የእሱ ሰው ነው። አንቺ ከሹፌሩ ጋር ውል የለሽም። የጫነውና የነዳው ማን እንዳጠፋ እዚያው ተነጋግረው ይጨርሱ። ፕሮፎርማውን አውጪና «ማጓጓዣን ጨምሮ» ወይም «ድሬዳዋ ርክክብ» የሚል ነገር ካለበት እዩ። ከሌለ በቴሌግራም የተጻጻፋችሁትን ፈልጊ። መኪናውን አንቺ ራስሽ ከአዲስ አበባ ተከራይተሽ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ያኔ ዕቃው ለጫኚው ሲሰጥ ደህና ከነበረ ደብዳቤው የሚጻፈው ለመኪናው ባለቤት ይሆን ነበር።

ፊርማሽ ጎድቶሻል፤ ግን አልገደለሽም። ማታ፣ በመኪና መብራት፣ የታሸገ ካርቶን ቆጥሮ መፈረም ካርቶኑን መቁጠርሽን ያሳያል እንጂ ውስጡን ማየትሽን አያሳይም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ስለ ሽያጭ በሚናገረው ክፍል፣ ከቁጥር 2291 ጀምሮ ያለውን ብታነቢ ሁለት ነገር ይጠብቅብሻል። ዕቃውን መጀመሪያ በተመቸሽ ጊዜ መመርመር አለብሽ። ጉድለት ካገኘሽ ደግሞ ምን ዓይነት ጉድለት እንደሆነ ለይተሽ ለሻጩ ሳትዘገዪ ማስታወቅ አለብሽ። ማታ ደርሶ ጠዋት ከፍተሻል፤ መጀመሪያው ተሟልቷል። ሁለተኛው ነው የቀረሽ። ስልክ መደወል ማስታወቅ ነው፤ ግን ነገ «አልደወለችም» ቢባል ምን ታሳያለሽ? ደብዳቤው በዚህ ሳምንት መውጣት ያለበት ለዚህ ነው። አንድ ወር ካለፈ «ተጠቅማበት፣ ሰብራው ነው» የሚለው ወሬ ክብደት ያገኛል።

አንዳንድ ሰው «የሸማቾች ጥበቃ አለልሽ» ይልሽ ይሆናል። እዚያ ላይ ብዙ አትደገፊ። ያ አዋጅ የሚያስበው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። አንቺ የገዛሽው ለንግድ ቤት ነው። የአንቺ መሠረት ውሉና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፤ ያም ይበቃሻል።

ሙሉውን መመለስ የሚለውን ተዪው። ከ480 ሴራሚክ ውስጥ 404ቱ ደህና ናቸው። ውልን ጨርሶ ማፍረስ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ጉድለቱም በዚያው መጠን ትልቅ መሆን አለበት። ደግሞስ ሙሉውን መልሰሽ አዲስ ስታዝዢ ሥራሽ ስንት ጊዜ ሊቆም ነው? የሚያዋጣሽ የጎደለውን ማስሞላት ነው።

እንግዲህ ሂሳቡን በካርቶን ሳይሆን በፍሬ እንሥራው። «34 ካርቶን ተሰበረ» ብለሽ ከጻፍሽ አቅራቢው አንዱን ካርቶን ከፍቶ ሁለት ደህና ሲያገኝ ውሸታም ያደርግሻል። 60 በ60 የሆነ አንድ ካርቶን ብዙውን ጊዜ 4 ፍሬ ይይዛል፤ ይህም 1.44 ካሬ ነው። የአንቺም 120 ካርቶን 480 ፍሬ ከሆነ ያው ነው ማለት ነው። 76ቱን ለ4 ስታካፍዪው 19 ካርቶን ይመጣል። በብር 38,000። የታፈነ ድምፅ ያለው ከተገኘ ቁጥሩ ያድጋል፤ ያኔ ሂሳቡን በዚያው ልክ አስተካክዪ።

የሠራተኞቹ 12,000 ብርም መጠየቅ ይቻላል። ዕቃ በቀኑ ይመጣል ተብሎ ሠራተኛ የያዘ ሰው፣ ዕቃው ሲቀር የቀን አበል እንደሚከስር ማንም ያውቃል። የሚገመት ጉዳት ነው። ግን ወረቀት ያስፈልጋል። ሁለቱም ስማቸውን፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደቆዩና የተቀበሉትን ብር ጽፈው ይፈርሙልሽ። እግረ መንገዴን፣ 5 ቀን ካልሽ በኋላ ማሰናበትሽ ጥሩ ነው። 17ቱንም ቀን አስቀምጠሽ ቢሆን «ለምን አላሰናበትሻቸውም?» ትባዪ ነበር።

የቀሩት እንግዶች ላይ ግን ልቆጠብ። ሕጉ ከተለመደው በላይ የሆነን ጉዳት የሚያስከፍለው፣ ሻጩ ውል ሲገባ ያንን ልዩ ሁኔታ አውቆት ከነበረ ነው። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት «ጥር መጨረሻ እንግዳ አለብኝ፣ ከዘገየ እከስራለሁ» ብለሽ የጻፍሽለት መልእክት አለ? ካለ ጨምሪው፣ የእንግዶቹን ቅድሚያ ክፍያ የመለስሽበትን ማስረጃም አያይዢ። ከሌለ ተዪው። የማታስረጂውን ሲጨምሩበት የምታስረጂውም አብሮ ይረክሳል።

ስለ 72,000ው፦ «አንድ ብር አልከፍልም» ካልሽ ጥፋተኛዋ አንቺ ትሆኛለሽ። ዕቃው ሲደርስ እከፍላለሁ ብለሻል፤ ዕቃው ደግሞ ቢዘገይም፣ ቢጎድልም፣ በአብዛኛው ደርሷል። የኔ ምክር ይህ ነው። ጥያቄሽ 38,000 እና 12,000፣ በድምሩ 50,000 ብር ነው። ያንን ያዢው። የቀረውን 22,000 ብር ደብዳቤውን በምትልኪበት ቀን በባንክ አስገቢለት። ደረሰኙንም ከደብዳቤው ጋር አያይዢ። ብዙ ሰው በዚህ አይስማማኝም፤ «ያለሽን ብር ለምን ትለቂያለሽ?» ይላል። እኔ ግን ተከፋይ ሆኖ የሚጮኸውን ሰው አፍ የሚዘጋው ይህ ነው እላለሁ። ነገ ሽማግሌ ፊትም ሆነ ዳኛ ፊት «ገንዘቤን ከለከለችኝ» ማለት አይችልም። የያዝሽው ልክ የጠየቅሽውን ነው።

ቀነ ገደቡ ላይ ደግሞ «በአስቸኳይ» እና «በአጭር ጊዜ ውስጥ» የሚባሉትን አውጪያቸው። ለሱ በአስቸኳይ ማለት ሁለት ወር ሊሆን ይችላል። ቀን፣ ወር፣ ዓመተ ምሕረት፣ ሰዓትም ጨምሪ። ሕጉ ለባለዕዳው ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ፣ ከዚህ ቀን በኋላ አልቀበልም የምትዪበትን ጊዜ ራስሽ እንድትወስኚ ይፈቅዳል፤ ቁጥር 1772 እና 1774 ላይ ታገኚዋለሽ። ግን ጊዜው ምክንያታዊ ይሁን ይላል። በሦስት ቀን ላክ ብትዪው ቀነ ገደብሽ ዋጋ አይኖረውም። አንድ አይሱዙ ከአዲስ አበባ ድሬ በአንድና በሁለት ቀን ይገባል። ያንን ሼድ ፈልጎ መጫኛ ለማግኘትም ጨምረን ሁለት ሳምንት እንስጠው። ዛሬ ጥር 26 ነው ብንል የካቲት 10 በቂ ነው። ቀነ ገደብ በዓል ላይ አታሳርፊ።

ደብዳቤው ይህን ይመስላል። በቅንፍ ያለውን በራስሽ ሙዪው።

---

ቀን፦ ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ፦ (የድርጅቱ ሙሉ ስም፣ ደረሰኙ ላይ እንዳለው)
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ዘግይቶ የደረሰና የተሰበረ ሴራሚክ እንዲተካ ስለመጠየቅ

በ(ቀን) በተሰጠኝ ፕሮፎርማ ቁጥር (...) መሠረት 120 ካርቶን የ60 በ60 ሴ.ሜ. የወለል ሴራሚክ፣ ሞዴል (...)፣ ማጓጓዣን ጨምሮ በ240,000 ብር ገዝቼ፣ ከዚህ ውስጥ 168,000 ብር በ(ቀን) በባንክ ከፍያለሁ። ዕቃው ድሬዳዋ የሚደርሰው ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር።

ዕቃው የደረሰው ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ምሽት ሲሆን፣ ይህም ከስምምነቱ 17 ቀን የዘገየ ነው። ጥር 24 ቀን ጠዋት ካርቶኖቹ ሲከፈቱ በ34 ካርቶን ውስጥ በድምሩ 76 ፍሬ ተሰብሮ ወይም ተሰንጥቆ ተገኝቷል። የእያንዳንዱ ካርቶን ዝርዝርና ፎቶ ተያይዟል። የካርቶኖቹ የሼድ ቁጥር (...) ነው። የተሰበሩት በቦታው ተቀምጠዋል፤ ወኪላችሁ በሥራ ሰዓት መጥቶ ማየት ይችላል።

በመዘግየቱ ምክንያት ለሁለት ሠራተኞች ለ5 ቀን 12,000 ብር ያለ ሥራ ከፍያለሁ። የከፈልኩበት ፊርማ ተያይዟል።

ስለዚህ እስከ ማክሰኞ የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ፣

76 ፍሬ (19 ካርቶን) ተመሳሳይ ሞዴልና ተመሳሳይ የሼድ ቁጥር ያለው ሴራሚክ፣ በእናንተ ማጓጓዣ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ባለው የሥራ ቦታዬ እንድታስረክቡኝ፤ እንዲሁም 12,000 ብሩን ከቀሪ ክፍያው ላይ ተቀናሽ መሆኑን በጽሑፍ እንድታረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ።

ያው የሼድ ቁጥር ካልተገኘ፣ ሌላ ከመላካችሁ በፊት ናሙና አሳይታችሁኝ በጽሑፍ እንድንስማማ፣ ወይም የ76ቱ ፍሬ ዋጋ 38,000 ብር እንዲቀነስልኝ እጠይቃለሁ።

ከቀሪው 72,000 ብር ውስጥ የማያከራክረውን 22,000 ብር ዛሬ በባንክ ልኬያለሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል። 38,000 ብሩን ምትኩ እንደደረሰኝ እከፍላለሁ።

ከላይ በተጠቀሰው ቀንና ሰዓት ካልፈጸማችሁ ምትኩን አልቀበልም። የጎደለውን ከሌላ አቅራቢ ገዝቼ፣ የያዝኩትን 50,000 ብር ለጉዳቴ አውላለሁ፤ ከዚያ የሚበልጠውንም በሕግ እጠይቃለሁ።

ይህ ደብዳቤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772፣ 1774 እና 2292 መሠረት የተሰጠ ማስጠንቀቂያና የጉድለት ማስታወቂያ ነው።

(ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)

አባሪ፦ የፕሮፎርማ ቅጂ፣ የባንክ ደረሰኞች፣ የማስረከቢያ ወረቀት ቅጂ፣ የስብራት ዝርዝርና ፎቶ፣ የሠራተኞች ክፍያ ፊርማ

---

እንደምታዪው ስድብ የለም፤ «እምነት አጉድላችኋል» የለም። «ለገቢዎች እጠቁምባችኋለሁ» የሚለው ደግሞ በፍጹም አይግባ። ሰው ሲናደድ መጀመሪያ የሚመጣለት እሱ ነው። የግብር ጉዳይ ከሴራሚክ ስብራት ጋር ምንም የለውም፤ ደብዳቤሽን ማስፈራሪያ ያስመስለዋል። ጠንካራ ደብዳቤ ማለት ቁጥርና ቀን የበዛበት እንጂ ቃለ አጋኖ የበዛበት አይደለም።

ደግሞ ሁሉንም ሙሉ አድርገሽ አትጻፊው። «በሙሉ ተበላሽቷል» ወይም «ከባድ ኪሳራ ደርሶብኛል» ሲባል ሻጩ የሚያየው ክፍተት ነው። 76፣ 34፣ 17 ሲባል ግን ወይ ይቀበላል ወይ ሌላ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ሌላ ቁጥር ይዞ ከመጣ ድርድር ጀመራችሁ ማለት ነው።

ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ አውጪ። አዲስ አበባ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለሽ አንዱን እጅ በእጅ ወስዶ ያስረክብ፤ ሁለተኛው ላይ «ደርሶናል» ብለው ቀንና ማኅተም ያድርጉበት። አንቀበልም ካሉት አይጨቃጨቅ። ፖስታ ቤት ሄዶ በአደራ ይላክ፤ የአደራው ደረሰኝ ያንቺ ማስረጃ ነው። በዚያው ቀን ፎቶውን በቴሌግራምም ላኪለት። ሁለቱ ሰረዝ መጣ አልመጣ ብለሽ አትጨነቂ፤ ዋናው ወረቀቱ ነው። ከእንግዲህ የሚደውልልሽ ከሆነም ተነጋገሪ፣ ግን ስልኩን እንደዘጋሽ «አሁን በስልክ እንደተስማማነው...» ብለሽ አጭር መልእክት ጻፊለት። ከጥር 6 ጀምሮ «ነገ ይጫናል፣ ከነገ ወዲያ ይጫናል» ያለባቸውን መልእክቶችም እንዳታጠፊ። ስልክሽ ቢጠፋ ብለሽ አንድ ቦታ ላይ ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ።

ምን መልስ ሊመጣ እንደሚችልም አስቢ። አንዱ «ለሚቀጥለው ግዢሽ ቅናሽ አደርግልሻለሁ» ነው። ፔንሲዮን አንዴ ነው የሚነጠፈው፤ የሚቀጥለው ግዢ የት አለ? ሁለተኛው «10 ካርቶን ልላክና ይብቃን» ሊሆን ይችላል። ይህን ቁጭ ብለሽ አስቢበት። የተሰበረውን ሁሉ መጣል የለብሽም። ሠራተኛሽ ግድግዳ ጥግና በር ሥር ለሚቆረጠው ቦታ ግማሹ ደህና የሆነውን ስባሪ ሊጠቀምበት ይችላል። 76ቱ ውስጥ 20 ያህሉ ለቁራጭ የሚሆን ከሆነ፣ 14 ካርቶን እና 12,000 ብሩ ቢሰጥሽ ከሙግት የተሻለ ነው። ብቻ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀኑም ይኑርበት።

ዝም ካለስ? የካቲት 10 ከቀኑ 11 ሰዓት ሲያልፍ በዚያው ምሽት ወይም በማግስቱ አንድ አጭር ደብዳቤ ጻፊ። «የሰጠሁት ጊዜ አልፏል፤ ዕቃውን ከሌላ እገዛለሁ» ብቻ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ «ተጭኗል፣ መንገድ ላይ ነው» ቢልሽ መቀበልና አለመቀበል ያንቺ ምርጫ ነው። ከዚያ እዚያው ድሬ ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ዞረሽ ተመሳሳዩን ፈልጊ፤ ከመግዛትሽ በፊት ከሁለትና ከሦስት ሱቅ የዋጋ ማቅረቢያ ያዢ። ውድ ዋጋ መርጠሽ ገዛሽ እንዳይባል ነው። ያንን ሼድ ካጣሽ የተለየውን ሴራሚክ አንድ ክፍል ሙሉ ላይ አውዪው እንጂ ከሌላው ጋር አትቀላቅዪ። 19 ካርቶን 27 ካሬ ያህል ነው፤ ሁለት መኝታ ክፍል ሊሸፍን ይችላል።

ክስ ድረስ ከሄደ ጊዜ እንዳያልፍብሽ ተጠንቀቂ። ጉድለቱን ካስታወቅሽበት ቀን አንስቶ አንድ ዓመት ነው ያለሽ። ግን 50,000 ብሩ እጅሽ ላይ ስላለ ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ ፍላጎቱ የሚመጣው ከእሱ በኩል ይመስለኛል፤ ያኔም ይህ ደብዳቤ መከላከያሽ ይሆናል። ሽማግሌ ይግባ ካለ እሺ በዪ። የሚያውቃችሁ ነጋዴ ካለ ይዳኛችሁ። ሽማግሌዎቹ ፊት ስትቀርቢ ደብዳቤውን ከነአባሪው ይዘሽ ሂጂ፤ ትዝታሽን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ።

ምትኩ ሲመጣ በቀን እንዲገባ ለሹፌሩ ቀድመሽ ንገሪው። ማታ ከመጣ ካርቶኑ መኪናው ላይ ይደር። ስታወርዱ እያንዳንዱን ካርቶን ከፍተሽ እዪ፤ 19 ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የሼድ ቁጥሩን ከድሮው ካርቶን ጋር አስተያዪ። ሹፌሩ ቢጮህም ይጩህ፣ ከፈለገ ሻይ አዝዘሽለት ጥላ ሥር ይቀመጥ። ወረቀቱ ላይ ስትፈርሚም ከፊርማሽ በላይ በእጅሽ «ተከፍቶ ታይቷል፣ ይህን ያህል ደህና፣ ይህን ያህል የተሰበረ» ብለሽ ጻፊና ሹፌሩንም ከሥሩ አስፈርሚው። ቅጂውን ፎቶ አንስተሽ ሳታስቀሪ መኪናው ከግቢ እንዳይወጣ።